«ኢንቨርተር ምንድን ነው?» ብሎ ለሚፈልግ ሰው መፍቻ መጻፍ፦ ጥያቄና መልስ

ከኮምቦልቻ፣ የሶላር ዕቃ ነጋዴ፦ በድረ ገጻችን ላይ ወደ 60 የሚጠጉ የሶላር ቃላት የያዘ መፍቻ አለን። የሱቃችንን ስም ካልጻፈ በቀር በጎግል የሚያገኘው ሰው የለም። ምን ጎድሎት ነው?

ጋሼ፣ የላኩልኝን ገጽ አየሁት። ርዕሱ «የቃላት መፍቻ» ይላል። ይህን ቃል ጎግል ላይ የሚጽፍ ሶላር ገዢ የለም፤ ሰው የሚጽፈው የጨነቀውን ነው፦ «ኢንቨርተር ምንድን ነው»፣ «ለቲቪ ስንት ዋት ሶላር»፣ «ባትሪ ለምን ቶሎ ያልቃል»። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉድለት ርዕሱ ላይ ነው።

ሁለተኛው ፍቺው ላይ ነው። የእርስዎ እንዲህ ይላል፦ «ኢንቨርተር፦ ቀጥተኛ ጅረትን ወደ ተለዋጭ ጅረት የሚለውጥ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ።» ለፈተና ቢሆን ሙሉ ማርክ ነው። ግን ኢንቨርተርን የማያውቅ ሰው ተለዋጭ ጅረትንም አያውቅም። አንድ ቃል ሊፈታ መጥቶ ሁለት ተሸክሞ ወደ ጎግል ይመለሳል። እኔ ብጽፈው እንዲህ አደርገው ነበር፦

«ኢንቨርተር ከባትሪ የሚወጣውን 12 ቮልት ከቤት ሶኬት ወደምናገኘው 220 ቮልት የሚቀይር ሳጥን ነው። ሶላር ያለው ሰው ቲቪ፣ የላፕቶፕ ቻርጀር ወይም ሌላ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ ሊያሠራ ሲፈልግ ያስፈልገዋል። በ12 ቮልት ለሚሠራ አምፖል ግን አያስፈልግም።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ገዢው በእጁ በሚነካቸው ነገሮች ያስረዳል፤ ባትሪ፣ ሶኬት፣ ሳጥን። ሁለተኛው መቼ እንደሚያስፈልግ፣ ሦስተኛው መቼ እንደማያስፈልግ ይነግረዋል። ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ለጀማሪ ግን ገንዘብ የሚያተርፍለት እሱ ነው። ጎግልም ከገጹ ቆርጦ ከላይ የሚያሳየው እንዲህ ብቻውን ቢነበብ የሚገባ አንቀጽ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ፍቺው «ከላይ እንደተገለጸው» ወይም «ይህ መሣሪያ» ብሎ መጀመር የለበትም፤ በቃሉ ስም ይጀምር።

«ዲሲ»ና «ኤሲ» የሚሉትን ቃላት አይጣሏቸው። ሳጥኑ ላይ ተጽፈው ስለሚያያቸው በቀጣዩ አንቀጽ ያምጧቸው፦ «ሳጥኑ ላይ ዲሲ የሚለው የባትሪው ወገን ነው፤ ኤሲ የሚለው የሶኬቱ።»

ከኮምቦልቻ፣ የኮምፒውተር ተማሪ፦ ዋናው ነገር ቃሉን በገጹ ላይ ቢያንስ 20 ጊዜ መደጋገምና በገጹ ኮድ ውስጥ ያለውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝር፣ የ`keywords` ሜታን፣ መሙላት ነው። ተሳሳትኩ?

ግማሹ ልክ ነው። ቃሉ በርዕሱ፣ በንዑስ ርዕሱና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መኖር አለበት። ከዚያ በኋላ ቆጠራ የለም። የ`keywords` ሜታን ደግሞ ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በፈረንጆች 2009 በይፋ ተናግሯል፤ ጊዜህን አትፍጅበት።

ይልቅ በአማርኛ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። እኛ «የኢንቨርተር»፣ «ኢንቨርተሩን»፣ «በኢንቨርተሮች» እያልን በቃሉ ፊትና ኋላ እንቀጥላለን። ፈላጊው ግን ባዶውን «ኢንቨርተር» ነው የሚጽፈው። ርዕስህ «ስለ ኢንቨርተሮች አጠቃቀም» ከሆነ ባዶው ቃል ርዕሱ ላይ የለም ማለት ነው። «ኢንቨርተር ምንድን ነው? ስንት ዋትስ ያስፈልጋል?» ብትለው ቃሉ እንደተፈለገው ይቀመጣል። በአንቀጹ ውስጥ እንደ ልብህ አርባው።

ከወልዲያ፣ መምህርት፦ «ፀሐይ»ን በየትኛው ፊደል ልጻፍ? ቃላቱንስ በሀሁ ተራ ልደርድር?

ተራው ቀላሉ ነው፤ በሀሁ ይሁን። ከጎግል የሚመጣው ሰው በቀጥታ የሚፈልገው ቃል ላይ ስለሚያርፍ ተራውን አያየውም፤ ተራው የሚጠቅመው ገጹን ከላይ ወደ ታች ለሚያነብ ነው።

ፊደሉ ግን የምር ጥያቄ ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ፤ አራቱም ይጻፋሉ። በስልክ ኪቦርድ ሲሆን ደግሞ ሰው መጀመሪያ የመጣለትን ይነካል። ጎግል አንዱን ከሌላው ጋር ያመሳስለው እንደሆነ በቃል ከመከራከር መሞከር ይሻላል፦ ስልክሽ ላይ የግል መስኮት ክፈቺና «የፀሐይ ኃይል ምንድን ነው» እና «የጸሀይ ሀይል ምንድን ነው» ብለሽ ለየብቻ ፈልጊ። የሚመጡት ገጾች ከተለያዩ ልዩነቱ ለቃልሽ ይሠራል ማለት ነው። ያኔ አንዱን ለርዕስ ያዢ፤ ሌላውን በአንቀጹ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ «አንዳንዶች ጸሀይ ብለው ይጽፉታል» ዓይነት ቦታ ስጪው። አራቱንም በሰረዝ እየለዩ ርዕስ ላይ መደርደር ግን ገጹን የማጭበርበሪያ ያስመስለዋል።

«ምንድነው» እና «ምንድን ነው»ም እንዲሁ ናቸው። ለርዕስ «ምንድን ነው»ን እመርጣለሁ፣ ለዓይን ሸጋ ስለሆነ ብቻ። ደግሞም ልብ በይ፤ «የፀሐይ ኃይል» የመጽሐፍ ቃል ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ዕቃውን የሚጠይቅ ሰው «ሶላር» ነው የሚለው። ርዕሱ ሶላር ይሁን።

ከወግዲ፦ እኔ ለፍሪጅ ስንት ዋት ኢንቨርተር ልግዛ? ባትሪዬ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ነው።

ጥያቄህ ስለ አጻጻፍ አይደለም፤ አብሽር፣ ለኛም ይጠቅመናል። የፍሪጁን ጀርባ እይ። 150 ዋት ቢል እንኳ ሞተሩ ሲነሳ ለአፍታ የዚያን አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል፤ ወደ 750 ዋት ማለት ነው። ስለዚህ ያለማቋረጥ 1000 ዋት የሚሰጥ፣ እንደ ቤት ሶኬት ያለ ለስላሳ ኤሌክትሪክ የሚያወጣውን፣ ንጹህ ሳይን የሚባለውን ዓይነት ውሰድ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ለአፍታ ብቻ የሚችለው ሊሆን ስለሚችል፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ስንት እንደሆነ ጠይቅ።

ባትሪው ግን ያሳስበኛል። 12 በ100 ሲባዛ 1200 ዋት ሰዓት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ እንጠቀም፤ 600። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲቀነስ ወደ 510 ይቀራል። ኮምፕረሰሩ ግማሹን ሰዓት ቢሠራ በአማካይ 75 ዋት ነው፤ 510 ለ75 ሲካፈል 7 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሌሊቱን አያደርስህም።

ኮምቦልቻ ላሉት ጋሼ፦ መፍቻዎ የጎደለው ይህ ስሌት ነው። ከፍቺው ሥር «ለፍሪጅ ስንት ዋት ኢንቨርተር?» የሚል ንዑስ ርዕስ አድርገው ይህንኑ በቁጥር ያስቀምጡት። የጀማሪን ቃል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሱቅ የሚቆመው ልጅ ደንበኛ የጠየቀውን ቃል በቃል፣ ሳያርም፣ በደብተር ይጻፍ። ጎግል ሲጽፉ ከሥር የሚያመጣው ጥቆማ በአማርኛ ሳሳ ያለ ስለሆነ፣ ያው ደብተር ይበልጥበታል።

ከደሴ፣ ቴክኒሻን፦ ለእያንዳንዱ ቃል የራሱ ገጽ ይሁን ወይስ ሁሉም በአንድ?

መለኪያዬ አንድ ነው፦ ከፍቺው ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ አለው? «ኢንቨርተር» አለው፤ ስንት ዋት፣ ለምን ይጮሃል፣ ከባትሪው ምን ያህል ይራቅ። ለብቻው ገጽ ይገባዋል። «ቮልት»ን የሶላር ነጋዴ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ ቢጽፍበት ማራዘም ነው፤ በጋራው ገጽ ይቆይ። ከ60ው ቃል ለብቻቸው የሚወጡት ስምንት ወይም አሥር ቢሆኑ ነው።

ለብቻው የወጣው ቃል በጋራው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገርና ሊንክ ብቻ ይቅርለት። ሙሉው ፍቺ ሁለቱም ጋ ካለ ገጾቹ እርስ በርስ ይሻማሉ። ይህን የምታውቀው ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ በሚሰጠው ሰርች ኮንሶል ውስጥ ነው፦ `Performance` ላይ ቃሉን በ`Queries` ምረጥና ወደ `Pages` ተሻገር። ለአንድ ፍለጋ ሁለት ገጾች እየተፈራረቁ ከታዩ ደካማውን አሳጥር።

ከደሴ፣ ሌላ ሰው፦ እኔ በዚህ አልስማማም። በአማርኛ ስለ ሶላር የተጻፈ ጥቂት ነው፤ አንድ ረጅም ገጽ ብቻውን ሁሉንም ይይዛል። መበተኑ አዲስ ድረ ገጽን ያዳክማል።

ተፎካካሪ በሌለበት ቃል ልክ ልትሆን ትችላለህ፤ አዲስ ድረ ገጽ ላይ ረጅሙን ገጽ አስቀድሞ፣ ብዙ የሚታየውን ቃል ኋላ መገንጠልም ያስኬዳል። በየትኛው መጀመር እንደሚሻል እንደ ቃሉ ነው፤ እዚህ አንጨርሰውም።

ያው ቴክኒሻን፦ የገጹ አድራሻ በአማርኛ ፊደል ቢሆን ይጠቅማል?

ይሠራል፤ ግን ሲገለበጥ ይበላሻል። አንድ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ሲቀየር 9 ምልክት ይሆናል፤ ሀ ብቻውን `%E1%88%80` ነው። «ኢንቨርተር-ምንድን-ነው» 12 ፊደል ስለሆነ ከሁለቱ ሰረዝ ጋር 110 ምልክት ይወጣዋል። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ እንዲህ ያለ ሊንክ ሰው ፈርቶ አይነካውም። አድራሻውን በላቲን አሳጥረው፤ አማርኛው ርዕሱ ላይ ይሁን፦

```html
<html lang="am">
<title>ኢንቨርተር ምንድን ነው? ስንት ዋትስ ያስፈልጋል?</title>
<h2 id="inverter">ኢንቨርተር ምንድን ነው?</h2>
```

ያ `id` በጋራው ገጽ ላይ ያስፈልግሃል፤ `/solar-kalat#inverter` ብለህ በቀጥታ ቃሉ ላይ ታሳርፋለህ።

ተማሪው እንደገና፦ የ`FAQPage` ኮድስ ልጨምር? ደግሞስ «ደሴ» የሚለውን ርዕሱ ላይ?

ሁለቱም አያስፈልጉም። ያ ኮድ በፍለጋ ውጤት ሥር ያወጣው የነበረውን ተዘርጊ ጥያቄና መልስ ጎግል በነሐሴ 2023፣ በፈረንጆች ማለቴ ነው፣ ለታወቁ የመንግሥትና የጤና ድረ ገጾች ብቻ ገድቦታል። «ደሴ» ደግሞ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ነው፤ የሱቁ ገጽ ላይ ይግባ። የቃል ፍቺ ከተማ የለውም።

ከኮምቦልቻ፣ ነጋዴው፦ ካስተካከልኩት በኋላ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

ሰርች ኮንሶል ላይ ሁለት ቁጥር ይዩ፤ ስንት ጊዜ እንደታየና ስንት ጊዜ እንደተነካ። ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ጭራሽ ካልታየ፣ ገጹ መመዝገቡን በ`URL Inspection` ያረጋግጡ፤ ከተመዘገበ ቃሉን ሰው በዚያ አጻጻፍ አይፈልገውም ማለት ሊሆን ይችላል። ከታየና ካልተነካ ደረጃውን ይመልከቱ፦ ከ20ኛ በታች ከሆነ ችግሩ ገጹ ነው፤ ከላይኞቹ አምስት ውስጥ ሆኖ ካልተነካ ርዕሱ ነው፣ ወይም ጎግል መልሱን ከላይ ስላሳየው ሰው መግባት አላስፈለገውም። በዚህ በመጨረሻው ጊዜ ፍቺውን አይንኩት። ርዕሱ ላይ «ስንት ዋት ያስፈልጋል» የሚለውን ያጉሉ፤ ያንን ሳይገባ የሚያነበው ሰው የለም።