«ዝግ ሂሳቡ ሲከፈት» ያልሽው ወንድም

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ይህን የምጽፍልዎት ትዕግሥቴ አልቆ ነው። ነገሩ የታናሽ ወንድሜ ነው። ከ4 ዓመት በፊት የአንድ ወር ደመወዜን አበደርኩት፣ ግማሹን መለሰ። ካቻምና የአንድ ወር ተኩል ጨመርኩለት፣ ከእሱ እስከ ዛሬ ምንም አልተመለሰም። እኔ አልጠየቅኩም፣ እሱም አላነሳውም። አሁን ደግሞ የ5 ወር ደመወዜን የሚያህል ገንዘብ ይፈልጋል። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሥራውን ሊያስፋፋ ነው አሉ። «አሉ» የምለው መጀመሪያ የነገረችኝ እናታችን ስለሆነች ነው።

የሚያንገበግበኝ ምን መሰለዎት? ባለፈው ወር ከነሚስቱ ለእረፍት ሄደው ፎቶ ሲለጥፉ ነበር። ሚስቱ አዲስ ስልክ ይዛለች። እኔ ጫማዬን አስጠግኜ የማደርግ ሰው ነኝ። ስቆጥብ ያየኝ ሁሉ የተረፈኝ ይመስለዋል።

ይኸው 4 ወሩ፣ በየሳምንቱ ይደውላል። ድሮ እሱ ሲደውል ገና «ሃሎ» ሳልል ነበር የምስቀው፤ አሁን ስሙን ስክሪኑ ላይ ሳይ ሆዴ ይረበሻል። ለጊዜው እንዲያርፍልኝ ብዬ ገንዘቡ በዝግ ሂሳብ ነው ያለው፣ እስኪከፈት መንካት አልችልም ብዬዋለሁ፤ እሱ ግን አላረፈም። እናቴ «ለማን ብለሽ ነው የምታጠራቅሚው፣ ወንድምሽ አይደለም ወይ?» ትለኛለች። ባለቤቴ «በፍጹም እንዳትሰጪ» ብሏል። መሀል ላይ ሆኜ የምቀጣው እኔ ነኝ። ያለኝ ቁጠባ የ6 ወር ደመወዝ ነው፤ እሱንም ያጠራቀምኩት ስንት ነገር እያማረኝ ትቼ ነው። እኔ የወደቅኩ ቀን ማን ይደርስልኛል?

ከ3 ሳምንት በኋላ ሁላችንም እናታችን ቤት እንገናኛለን። እውነቱን ለመናገር ልሰጠው አልፈልግም። ግን ወንድሜን ሳላጣ እንዴት አድርጌ ነው እምቢ የምለው?

የደከማት እህት

*

እህቴ፣

የሚስቱን ስልክና የእረፍቱን ፎቶ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊልኝ። እኔ የቆምኩት አንቺ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው ባለፍሽው ዝግ ሂሳብ ላይ ነው። «ለጊዜው እንዲያርፍልኝ ብዬ» ስትይ ሰበብ መሆኑን ራስሽ ነግረሽኛል። ደግሞስ እውነት ቢሆን ምን ሊለወጥ? «እስኪከፈት» ስትይው እኮ ቀጠሮ ሰጠሽው። ቀጠሮ የተሰጠው ሰው ቀን ይቆጥራል፤ እየደወለ ያስታውሳል። ምናልባት ለሥራ ቦታው ሰፋ ያለ ቤት አይቶ ለአከራዩ ቃል ገብቷል፣ ምናልባት መሣሪያ አስይዟል። አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ስለዚህ ከፋሽም አልከፋሽ ልንገርሽ፦ ወንድምሽን 4 ወር ደጅ አስጠንተሽዋል። በየሳምንቱ የሚደውልልሽን ሰው ዓይን አውጣ ከማለትሽ በፊት ይህንን አስቢበት።

በዚህ ነገር ላይ ሚዛናዊ መሆን አልችልም፤ የጠያቂውን ወንበር ተቀምጬበታለሁና። ተማሪ ሳለሁ ለትምህርት ክፍያ አክስቴን ጠየቅኩ። በር ላይ እንደ ቆመች «አይሆንም ልጄ፣ ለዘመድ አላበድርም። በይ አሁን ግቢ» አለችኝ። ገባሁ፤ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። በማግስቱ ሌላ መንገድ መፈለግ ጀመርኩ፣ ጊዜ ነበረኝ። በዓመቱ ደግሞ አጎቴን ጠየቅኩ። እሱ ደግ ሰው ስለሆነ «እስቲ እናያለን» አለኝ። 7 ወር አየ። የምዝገባው ቀን ሲደርስ «እንደው ሳይመቸኝ» አለ፣ ያ ዓመት እንዲሁ አለፈኝ። አክስቴ ስትታመም ያስታመምኳት እኔ ነኝ። አጎቴን ግን እስካሁን መንገድ ላይ ሳየው መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ 7 ወር ነው።

አንቺን የያዘሽ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ እምቢ እንድትይ አይፈቅድልሽም፤ ሰበብ ግን ይፈቅድልሻል። የሰበብ ችግሩ ጊዜው የሚያልፍበት መሆኑ ነው። «ቤት ልናድስ ነው» ብትዪው እድሳቱ ሲያልቅ ይመጣል። «የፊተኛውን አልመለስክም» ብትዪው ሐቅ ነው፤ ነገር ግን ከሌላ ሰው ተበድሮ ከዕዳው ግማሹን ይዞልሽ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ምን ልትመልሺ ነው? ስለ እረፍቱና ስለ ስልኩ ካነሳሽ ደግሞ እምቢታሽ ቅጣት ይሆናል፤ ሚስቱም ነገሩን ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። ከሁሉ የሚከፋው «ባለቤቴ አልፈቀደም» ነው። እውነት ስለሆነ ቀላል መስሎ ይታይሻል። ነገር ግን ያቺን ቃል ካወጣሽ በኋላ ወንድምሽና ባልሽ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ የምትሳቀቂው አንቺ ነሽ።

የሥራ ዕቅዱንም አትመርምሪ። ብዙ ሰው እምቢ ሊል ወስኖ ሳለ «በወር ስንት ታስገባለህ? ኪራዩስ? ትርፉስ?» እያለ ይጠይቃል፣ በጥያቄው ብዛት ሰውየው ራሱ ተስፋ የሚቆርጥ እየመሰለው። ጠያቂው ግን እያንዳንዷን መልስ አዘጋጅቶ ይመጣል። ፈተናውን አልፎ ከወደቀ ደግሞ ንቀሽው እንደሆነ ነው የሚገባው። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚጠየቀው ልትሰጪ ስታስቢ ነው።

ስለዚህ የምትሰጪው ምክንያት ስለ እሱ ሳይሆን ስለ አንቺ ይሁን፤ ጊዜም አይኑረው። ራስሽ ደውለሽ ብቻውን አግኚው። በጽሑፍ መልእክት አይሆንም፤ አሥር ጊዜ እየከፈተ ያነበዋል፣ ለሚስቱም ያሳያታል። እሱ እስኪደውልም አትጠብቂ፤ የደወለ ቀን ሳትዘጋጂ ይይዝሽና ሌላ ዝግ ሂሳብ ትፈጥሪያለሽ። እናትሽ ቤት፣ ሁሉም በተሰበሰበበትማ ከቶ አይሞከር። እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር፦

«ዝግ ሂሳብ ያልኩህ ሰበብ ነው። ቁርጡን መጀመሪያውኑ ልነግርህ ሲገባኝ 4 ወር አስጠበቅኩህ፤ ለዚህ ይቅርታ አድርግልኝ። ገንዘቡን አላበድርህም፣ ወደፊትም አላበድርህም። ለዘመድ ማበደር አቁሜያለሁ። በእኔ ተስፋ አድርገህ ቃል የገባኸው ነገር ካለ ዛሬውኑ እንድታውቀው ብዬ ነው።»

ይቅርታ የጠየቅሽው ስላስጠበቅሽው ነው እንጂ እምቢ ስላልሽው አይደለም፤ ሁለቱ እንዳይምታቱብሽ። ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ይከብድሻል፣ ማብራራት ያምርሻል። አታብራሪ።

ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው «እሺ ግማሹንስ?» ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ በ5 ወሩ ጸንቶ በ2 ወሩ ይረታል፣ ትልቁን ስለከለከለ ትንሹን መስጠት ያለበት ይመስለዋል። መልስሽ ያው ነው፦ «አይሆንም፣ ማበደር አቁሜያለሁ።» ሁለተኛው ትንሽ ቆይቶ የሚመጣው «እንግዲያው ዋስ ሁኚኝ» ነው። ዋስትና ከኪስሽ ዛሬ ምንም ስለማያወጣ ቀላል ይመስላል። ወንድምሽ መክፈል ቢያቅተው ግን አበዳሪው የሚመጣው አንቺ ጋ ነው፤ ያን ጊዜ ቀኑንም መጠኑንም የምትመርጪው አንቺ አትሆኚም። በዚህ ላይ እሱ ለሌላ ሰው ባለዕዳ ሳለ አንቺ ከፋይ ትሆኛለሽ። ከቀጥታ ብድር የሚብስበት እንጂ የሚሻልበት የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያለሽ የ6 ወር ነው፣ የጠየቀሽ የ5 ወር ነው። እንዴት እንዲህ ገጠመለት? ቁጠባሽን የሚያውቅ ሰው አለ፤ ጥያቄውን መጀመሪያ ያመጣችልሽም እናትሽ ናት። ክፋት አስባ ነው አልልም። እናት አንዱ ልጇ ጋ ያለው ለሌላው የተቀመጠ ይመስላታል። ከእንግዲህ ስንት እንዳለሽ ለእሷ አትንገሪያት፣ ብትጠይቅሽም «አለችኝ ትንሽ» በዪና እለፊ። ለወንድምሽ በነገርሽው ቀን ማታ ግን ለእሷም ደውይላት፤ ከእሱ ከሰማችው «እህቴ አዋረደችኝ» የሚል ይሆናል። የእሱን ጥፋት ሳትቆጥሪ፣ ለእሱ ያልሽውን ያንኑ ንገሪያት። ታለቅሳለች። ብታለቅስም ሐሳብሽን አትቀይሪ።

ካቻምና ስለሰጠሽው ገንዘብ ሳትጠይቂኝ ልናገር። ይኸን ያህል ጊዜ አልጠየቅሽውም። እኔ እስከሚገባኝ ገንዘቡን ትተሽዋል፣ ቂሙን ግን በየወሩ ወለድ እየጨመርሽለት ነው። ከወራት በኋላ፣ ይህ ነገር ሲበርድ፣ ወይ «ተወው፣ ስጦታ ይሁንልህ» በዪው፣ ወይ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንዲከፍልሽ ተነጋገሩ። የእኔ ልብ ወደ ፊተኛው ያደላል። ዛሬ ግን አታንሺው፤ «ያኛውን ተውኩልህ፣ ይኸኛውን ተወኝ» እንደማለት ይሆናል።

ያኮርፋል። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ላይደውል ይችላል፤ ተገላገልኩ ብለሽ አንቺም እንዳትጠፊ። 3 ሳምንት የቀረሽ መሆኑ ደግ ነው፤ ዛሬ ብትነግሪው የመጀመሪያው ንዴቱ ቤተሰቡ ሳይሰበሰብ ይበርዳል። በመሀሉ ቤት ውስጥ የተበላሸ ራዲዮ፣ ካውያ፣ ያልሽው ነገር ካለ ይዘሽለት ሂጂ። ሲጠግነው አጠገቡ ተቀመጪ፣ ዋጋውን ጠይቂው፣ «ተዪው» ቢልሽም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሳትከራከሪ ክፈዪው። ስለ ብድሩ እሱ ካላነሳ አንቺ አታንሺ።