ከግብር ውሳኔ ማስታወቂያው ልዩነት ጀርባ ያለው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ድርጅታችን ጅማ ነው። ባለፈው ዓመት ያስታወቅነውን ግብር ሙሉ በሙሉ ከፍለን ነበር፤ አሁን የደረሰን የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ግን ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። ከየት መጣ? ምንስ ላድርግ?»

የእኔ ተሞክሮ ከዚሁ ከጅማ፣ ከመርካቶ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ከምንሸጥበት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበራችን ነው። በ2014 የግብር ዓመት 900,000 ብር ትርፍ አስታውቀን ነበር፤ በ30 በመቶ ሲሰላ 270,000 ብር ይሆናል፤ አንድ ደንበኛችን ቀድሞ የቀነሰብንን 29,000 ብር አቀናንሰን 241,000 ብር ከፈልን። ማስታወቂያው ግን 65,000 ብር ፍሬ ግብር፣ 6,500 ብር ቅጣት፣ ከዚያም በላይ ወለድ ይጠይቅ ነበር።

እኔ መጀመሪያ የፈጸምኩት ስሕተት የመጨረሻውን ድምር ብቻ ይዤ መበሳጨቴ ነው። የሂሳብ ሠራተኛችን የውሳኔ ማስታወቂያውንና እኛ ያቀረብነውን የገቢ ማሳወቂያ ጎን ለጎን አስቀምጦ በየመስመሩ ሲያነጻጽር 65,000 ብሩ ሁለት ምንጭ እንዳለው ታወቀ። ግብር የሚከፈልበት ገቢ 1,020,000 ብር ተደርጓል፤ ልዩነቱ 120,000 ብር ሲሆን፣ ይህም ሕጋዊ ደረሰኝ ያልተያዘለት የመጋዘን ኪራይ ወጪ ውድቅ በመደረጉ የመጣ ነው፤ ግብሩ 36,000 ብር ነው። ቀሪው 29,000 ብር ግን ከትርፍ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ በቅድሚያ የተቀነሰብን ግብር የሚመዘገብበት መስመር ዜሮ ተደርጎ ነበር።

ቅጣቱም ለብቻው መታየት አለበት። ግብር አሳንሶ በማስታወቅ የሚጣለው ቅጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎደለው ግብር 10 በመቶ ነው። 6,500 ብር ደግሞ የ65,000 ብሩ 10 በመቶ ስለሆነ፣ ያልተያዘልን ተቀናሽ ጭምር እንደ ጎደለ ግብር ተቆጥሯል ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ከማስታወቂያው ሁሉ ብዙ የሚናገረው ይህ መስመር ነው፤ ቅጣቱ የተሰላበትን መነሻ ወደ ኋላ ሄዶ ማግኘት ይቻላልና።

የኪራዩን ጉዳይ አልተከራከርንም፤ ደረሰኝ ስላልነበረን የሚያዋጣ ክርክር አልነበረም። ተቀናሹን በተመለከተ ግን የተቀናሽ ግብር ደረሰኞቹን ይዘን ወደ ደንበኛችን ስንሄድ፣ ግብሩን ሲያሳውቅ የእኛን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሁለት አኃዞች አዘዋውሮ መጻፉ ታወቀ። የማረሚያ ደብዳቤ ጻፈልን።

በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የተቀበሉበትን ቀን በፖስታው ላይ ሳይሆን በፈረሙበት ሰነድ ላይ ይመልከቱ። የማይከራከሩበትን ግብር አስቀድሞ መክፈልም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቅሬታው እንደ ቀረበ አይቆጠርም። እኛ 36,000 ብሩን ከፍለን፣ በማመልከቻው ላይ 29,000 ብሩንና በእሱ ላይ የተጣለውን 2,900 ብር ቅጣት ብቻ ለይተን፣ ደረሰኞቹንና ደብዳቤውን አያይዘን አቀረብን። «ውሳኔው ትክክል አይደለም» ብሎ በጅምላ መጻፍ ምን መስተካከል እንዳለበት ስለማያሳይ አይጠቅምም። ውሳኔው ሲመጣ ተቀናሹ ተያዘልን፣ ቅጣቱም 3,600 ብር ሆነ፤ በ36,000 ብሩ ላይ የተቆጠረውን ወለድ ግን ከፍለናል።

የእርስዎ ፋይል በክልሉ ገቢዎች ሥር ከሆነ የጊዜ ገደቡን ከራሱ ከማስታወቂያው ላይ ያረጋግጡ፤ ከዚያ በፊት ግን የተቀናሽ ግብርን መስመር ይመልከቱ።