ሳይፈርዱ ማቅረብ፦ የሐረር ቡና ስም ክርክር

«ድሬዳዋ የማኔጅመንት ተመራቂ ነኝ። አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ የኢትዮጵያንና የአሜሪካውን የቡና ኩባንያ የስታርባክስን የቡና ስም ክርክር እንዳቀርብ ጠይቆኛል። ‹ሁለቱንም ወገን አሳዪን፣ ፍርድ ግን አትስጪ› ተብያለሁ። ቤተሰቦቼ ሐረርጌ ቡና አምራቾች ናቸው። እንዴት ነው የማላዳላው?»

እህቴ፣ ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ «ድሃ ገበሬና ሀብታም ኩባንያ» ብሎ ይጀምረዋል። እንዲያ ከጀመርሽ ገና አፍሽን ስትከፍቺ ፈርደሻል። ክርክሩ የነበረው ስሙ በየትኛው የሕግ መንገድ ይጠበቅ በሚለው ላይ ነው።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። የስሙ ባለቤት ከሆንን ማን እንደሚጠቀምበት በፈቃድ እንወስናለን፣ በዋጋም የመደራደር አቅም እናገኛለን።

የስታርባክስን ወገን ስትጽፊ «ትርፉ እንዳይቀንስ ተቃወመ» ብለሽ እንዳታልፊ። ይህ የተቃዋሚዎቹ ቃል ነው። ኩባንያው ያለው ቡናው በእርግጥ ከዚያ አካባቢ መምጣቱን የሚያረጋግጥ የምስክርነት ምልክት ይሻላል ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ መለሰች፦ ቡናው የሚመጣው ከብዙ ሺህ ትናንሽ ማሳዎች ነው፣ ያንን ሁሉ መቆጣጠር ወጪው ከባድ ነው። አየሽ፣ እዚህ ላይ ሁለቱም የሚያሳምን ነገር አላቸው። የጻፍሽውን ራሱ ባለጉዳዩ ቢያነበው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ማለት አለበት።

ቀጥሎ የተረጋገጠውንና የተባለውን ለያይተሽ አስቀምጪ። ለአሜሪካ መዝጋቢ ቢሮ ተቃውሞ ያስገባው የአገሩ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ነው። ይህ የተረጋገጠ ነው። ከጀርባው ስታርባክስ አለበት ያለው ኦክስፋም የተባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት ነው፣ ኩባንያው አስተባብሏል። ምዝገባው ለገበሬው በዓመት እስከ 88 ሚሊዮን ዶላር ሊያመጣ ይችላል የሚለውም የኦክስፋም ግምት ነው። ባለቤቱን ሳትጠሪ ቁጥሩን ብቻ ካስቀመጥሽ አዳልተሻል። ግሶችሽንም ተመልከቺ። አንዱ «አስረዳ»፣ ሌላው «ሰበብ አቀረበ» ከሆነ ጠያቂዎቹ ወዲያው ይነቁብሻል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለቱ ወገኖች የፈቃድ ስምምነት ተፈራረሙ፣ ለስሙ ግን የሮያሊቲ ክፍያ የለውም። «በመጨረሻ ኢትዮጵያ አሸነፈች» ብለሽ ከዘጋሽ የደከምሽበት ሁሉ ገደል ገባ። ስምምነት መሆኑን ተናግረሽ እለፊ።

የቤተሰቦችሽን ነገር መጀመሪያ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። ከደበቅሽውና በኋላ ከታወቀ ያቀረብሽው ሁሉ ይጠረጠራል።

ስትጨርሺ «አንቺስ ማን ልክ ነው ትያለሽ?» ማለታቸው አይቀርም። መመሪያውን ትረሺ እንደሆነ ሊያዩ ነው። ሐሳብሽን ምን እንደሚያዘነብለው ንገሪያቸው፦ «ከስምምነቱ በኋላ ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋ በስሙ ምክንያት ማደጉን የሚያሳይ መረጃ ባገኝ የመንግሥትን መንገድ ያጠናክራል። የቁጥጥሩ ወጪ ከተፈራው ያነሰ ቢሆን ደግሞ የኩባንያውን።» ከዚያ ዝም በይ።