ሶሌታ በሚሞላበት ሳምንት፦ ለጀማሪ ሳይት መሐንዲሶች

ውድ ወጣት መሐንዲሶች፣

ሳይት በገባችሁ በመጀመሪያው ወር ከፎርማን ጋር መጋጨታችሁ አይቀርም። ከኤሌክትሪሺያኑ፣ ከግንበኛው፣ ከተቆጣጣሪ መሐንዲሱም ጋር እንዲሁ። ብዙ ጀማሪዎች አንድ ዓይነት አያያዝ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ለሁሉም ነገር ይጮኻል፣ ሌላው ለሁሉም ነገር «እሺ» ይላል፣ ሦስተኛው ሁሉንም ነገር መሐል ላይ ይቆርጣል። የምጽፍላችሁ አያያዛችሁን እንደ ጉዳዩ እንድትመርጡ ነው።

ኬነዝ ቶማስና ራልፍ ኪልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1974 ሰው ግጭትን በየትኛው መንገድ መያዝ እንደሚያዘወትር የሚለይ የ30 ጥያቄ መጠይቅ አወጡ። መሠረቱ ሁለት ነገር ነው፤ የራሴን ጉዳይ ምን ያህል አጥብቄ ይዣለሁ? የሌላውንስ ጉዳይ ምን ያህል ላሟላለት እፈልጋለሁ? ከሁለቱ አምስት መንገድ ይወጣል። የራስን ብቻ ማስከበር፣ ሁለቱንም ትቶ መሸሽ፣ የራስን ለሌላው መልቀቅ፣ ሰጥቶ መቀበል፣ ሁለቱንም ጉዳይ የሚያሟላ መፍትሔ አብሮ መፈለግ። በመጠይቁ ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም፤ አምስቱም ቦታ አላቸው። ቦታቸውን ለማየት የአንድ ሶሌታ ሳምንት ይበቃል። ስፋቱ 240 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር እንበል። 36 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል፤ ባለ 6 ሜትር ኩብ ሚክሰር መኪና ስድስት ጊዜ ማለት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ነው። ፎርማኑ «ቅዳሜ እንሞላለን» ይላል። ኤሌክትሪሺያኑ «ከሰኞ በፊት አልደርስም» ይላል። ሁለቱም ወደ እናንተ ያያሉ። ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «እሑድ ይሁን» የሚለው ነው፤ መሐል ላይ ያለ ቀን ስለሆነ ፍትሐዊ ይመስላል። ግን አስቡት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሳምንት ዕረፍት ቀን የሚሠራ ሰው ክፍያው እጥፍ ነው፤ ስለዚህ የፎርማኑ ወጪ ይንራል። ኤሌክትሪሺያኑም ሰኞ ያለው ሥራው ስላላለቀ እንጂ ሰኞን ስለሚወድ አይደለም፤ እሑድም ቢሆን ቱቦውን በጥድፊያ ይቀብረዋል። ሁለቱም ይከፍላሉ፣ ሁለቱም የፈለጉትን አያገኙም። ሰጥቶ መቀበል እንዲህ ሲበላሽ መነሻው አንድ ነው። ሰዎቹ የሚሉትን ቀን እንጂ ቀኑን ያስመረጣቸውን ምክንያት ሳታውቁ ቆርጣችኋል።

ስለዚህ ጠይቁ፤ ለየብቻ፣ ቆም ብላችሁ። ፎርማኑን «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቢቀር ምን ይደርስብዎታል?» ኤሌክትሪሺያኑን «ሰኞ ያልከው ምኑ ስለቀረህ ነው?» «ለምን?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ በእኛ ዘንድ «ለምን?» ተጠያቂ የማድረግ ድምፅ አለው፣ ሰውየው ወዲያው መከላከል ይጀምራል። መልሶቹ እንዲህ ናቸው እንበል። ፎርማኑ ፓምፑንና ስድስቱን መኪና ለቅዳሜ አዝዟል፣ ለሠላሳ የቀን ሠራተኞችም ቃል ሰጥቷል። የኤሌክትሪሺያኑ ቱቦ ደግሞ ሦስት አራተኛው ተዘርግቷል። የቀረው በወጥ ቤቱ በኩል ያለው ነው፤ እዚያ ግድግዳ ተቀይሮ አዲሱ ፕላን እጁ አልገባም፣ ያሉት ሠራተኞችም ሁለት ብቻ ናቸው።

አሁን ጥያቄው የቅዳሜና የሰኞ መሆኑ ቀረ። የጎደለው አንድ ወረቀትና የሰው እጅ ነው። ወረቀቱን ማምጣት የእናንተ ሥራ ነው፤ ቢሮ ደውላችሁ የተሻሻለውን ፕላን ዛሬውኑ አስልኩ። እጁ ከፎርማኑ ይመጣል፤ አራት ሰው ለሐሙስና ለዓርብ፣ ማለትም ስምንት የሰው ቀን። እነሱ ቱቦ ያቀብላሉ፣ ከፌሮው ጋር በሽቦ ያስራሉ፤ ማጠፉን፣ መገጣጠሙንና የሳጥኖቹን ቦታ ኤሌክትሪሺያኑ ራሱ ይሠራል፣ ኃላፊነቱም የእሱ ነውና። ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ደግሞ ያለቀውን ክፍል ሐሙስ፣ የወጥ ቤቱን ዓርብ ከሰዓት እንዲያይ ጠይቁት። ቅዳሜ ሙሉው ሶሌታ ይሞላል። ለፎርማኑ ስምንት የሰው ቀን ከአንድ ቀን መዘግየት ይረክሳል፤ ኤሌክትሪሺያኑም ቱቦውን ሳይቻኮል ይቀብራል።

አብሮ መፍታት ይህ ነው። ዋጋውም ግልጽ ነው፤ ጊዜና ልብ ይወስዳል። የሁለት ሰዓት ንግግር ለሶሌታ ይገባዋል፤ የሲሚንቶ መደርደሪያ ቦታ ለመምረጥ ግን አይገባም። ሰዎቹ እውነቱን ካልነገሯችሁም አይሠራም። በትክክል መጀመራችሁን የምታውቁበት ምልክት አለ። ስብሰባው ሲያልቅ ጠዋት የማታውቁትን አንድ ነገር እንኳ ካልሰማችሁ ገና አልጀመራችሁም፤ የተቀመጣችሁት ድርድር ላይ ነው።

ሰጥቶ መቀበል የሚያምርበት ቦታ ደግሞ አለ። ሐሙስ ዕለት ክሬኑ አንድ ነው፤ የፌሮ ሠራተኞቹም ብሎኬት ግንበኞቹም ይፈልጉታል። የሁለቱም ጥያቄ እኩል ተገቢ ነው፣ ነገሩ በጊዜ ይከፋፈላል፣ ለረጅም ውይይት ጊዜ የለም። እስከ ስድስት ሰዓት ለፌሮ፣ ከሰዓት በኋላ ለብሎኬት ብላችሁ ቁረጡ። ግን ማብቂያ ስጡት፤ «እስከ ዓርብ ማታ» በሉ። ማብቂያ ያልተቆረጠለት ክፍፍል እንደ ሕግ ይቆጠራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ፌሮው አልቆም ጠዋቱ የእኛ ነው የሚል ሰው ይመጣል።

ቅዳሜ ደረሰ። ፎርማኑ አሞላሉን ከደረጃው በኩል ልጀምር ይላል፤ እናንተ ከሌላው ጫፍ አስባችሁ ነበር። ፓምፑ የሚደርስበትን፣ ሠራተኛው የሚመለስበትን መንገድ ከእናንተ በላይ ያውቃል፤ ለሶሌታው ጥንካሬም ልዩነት የለውም። ልቀቁለት። ስትለቁ ግን በግልጽ ልቀቁ፤ «ይሄን እርስዎ ያውቁታል፣ በእርስዎ ይሁን» በሉት። እዚህ ላይ ይሉኝታን ከመልቀቅ ለዩልኝ። ሐሳባችሁን ሳትናገሩ፣ ሽማግሌ ነው ብላችሁ አፋችሁን ዘግታችሁ የተዋችሁት ነገር አልተለቀቀም፤ ሆዳችሁ ውስጥ ነው ያለው። መለያው ቀላል ነው። በሳምንቱ ጉዳዩን ለሌላ ሰው እያማችሁ ከሆነ ሸሽታችኋል እንጂ አልለቀቃችሁም። ሐሳብን ተናግሮ፣ መዝኖ፣ ከዚያ መልቀቅ ግን አክብሮት ነው፤ ፎርማኑም ያየዋል።

ሦስተኛው መኪና ላይ ፎርማኑ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ይሄ ልጅ በወረቀቱ አስረፈደን!» ብሎ ጮኸባችሁ እንበል። ደም ይፈላል። ግን ኮንክሪት እየፈሰሰ ነው። ለክርክር ከቆማችሁ የፈሰሰው መድረቅ ይጀምራል፣ በላዩ የሚመጣው አዲስ ኮንክሪትም ከሥሩ ካለው ጋር በደንብ አይያያዝም፤ የሚቀረው መጋጠሚያ ለዘለዓለም ደካማ ነው። ይህ የመሸሽ ቦታ ነው። «ጋሼ፣ ይሄን ማታ 11 ሰዓት ላይ እናወራዋለን» ብላችሁ ወደ ቫይብሬተሩ ተመለሱ። ሰዓቱን መናገራችሁ ነው ዋናው፤ ሰዓት የሌለው መሸሽ ቂም ይሆናል። 11 ሰዓት ሲሆንም እናንተው ሂዱ፣ ለብቻው አግኙት፣ ስለ ወረቀቱ የተባለውን መልሱ፣ በሰው ፊት መሰደባችሁ እንዳልተገባ ንገሩት። በማግስቱ ካላችሁ አትሄዱም።

አሁን ወደማይለቀቀው ልምጣ። አምስተኛው መኪና ትራፊክ ይዞት ዘግይቷል፤ ኮንክሪቱ ጠጥሯል፣ በፓምፑ አልፈስ ብሏል። ፎርማኑ ሾፌሩን «ትንሽ ውሃ ጨምርበት» ይላል። በዚህ መኪና ውስጥ በሜትር ኩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶና 175 ሊትር ውሃ አለ እንበል። ለ6 ሜትር ኩብ 2100 ኪሎ ሲሚንቶና 1050 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ውሃው የሲሚንቶው ግማሽ፣ 0.50 ማለት ነው። አምስት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሲጨመር ውሃው 1150 ይሆናል፣ ምጥጥኑም ወደ 0.55 ይወጣል። ይህች ትንሽ የምትመስል ልዩነት ከጥንካሬው አንድ አሥረኛ ያህል ትወስዳለች። ጉዳቱ ዛሬ አይታይም፤ እንዲያውም ኮንክሪቱ አምሮ ይፈሳል፣ ሠራተኛው ይደሰታል። የሚታየው በኩብ ፍተሻ ነው፣ ያኔ ሶሌታው ደርቋል።

እዚህ ማስከበር ነው ሥራችሁ። «እሺ፣ ሁለት ባልዲ ብቻ» ማለት ሰጥቶ መቀበል ይመስላል፤ ግን የምትሰጡት የእናንተን አይደለም፣ ከሶሌታው ሥር የሚኖረውን ሰው ነው። አብረን እንወያይ ማለትም ጊዜው አይደለም፤ ኮንክሪት ከተቀላቀለ በኋላ የተለመደው ገደብ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ እየቆጠረ ነው። እንዴት እንደምታስከብሩ ግን ልብ በሉ። ሾፌሩ ቫልቩን እንዳይከፍት መጀመሪያ ለእሱ ተናገሩ፤ ለፎርማኑ ደግሞ በአጭሩ፣ ድምፃችሁን ሳታነሱ፣ «ጋሼ፣ ውሃ አይጨመርም። ማለስለሻ ኬሚካል በድብልቁ የተፈቀደ ከሆነ በመጠኑ እንጨምራለን፤ ካልሆነ መኪናው ይመለሳል» በሉት። የስብዕና ነገር አትጨምሩ። «አንተ አታውቅም» የሚለው ቃል ከወጣ ጠቡ ከውሃ ወደ ክብር ይዛወራል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ኮንክሪት አይከራከርም። የመኪናውን ቁጥር፣ የደረሰበትንና የተመለሰበትን ሰዓት፣ ምክንያቱንም በዕለታዊ መዝገብ ጻፉ፤ መኪና መመለስ ገንዘብ ነው፣ ሰኞ ጠያቂ ይመጣል።

ማስከበር የሚበላሸው ሲደጋገም ነው። በሳምንት አንዴ «አይሆንም» ያለ መሐንዲስ ይሰማል። የአሞላሉን አቅጣጫም፣ የክሬኑንም ሰዓት፣ የሲሚንቶውንም ቦታ ሲያስከብር የከረመ ግን የውሃው ቀን ሲደርስ ማንም አይሰማውም፤ ሾፌሩ እንኳ ዞር ሲል ጠብቆ ቫልቩን ይከፍታል። ቅዳሜ ጠዋት በአቅጣጫው ነገር ለፎርማኑ የለቀቃችሁት እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል።

ካስከበራችሁ በኋላ ነገሩን እንዲሁ አትተዉት። ፎርማኑ ውሃ መጨመር የፈለገው በክፋት አይደለም፤ ፓምፑ ቆሞ፣ ሠላሳ ሰው እጁን አጣጥፎ ሲያይ ነው። ማታ 11 ሰዓት ላይ ስትገናኙ የባልዲውን ስሌት በወረቀት አሳዩት፣ ለቀጣዩ ሶሌታም መኪኖቹ በስንት ደቂቃ ልዩነት ቢመጡ እንደሚሻል እሱን ጠይቁት። የ7 ቀኑ የኩብ ውጤት ሲመጣም ቅጂውን ለእሱ ስጡት፣ የ28 ቀኑንም እንዲሁ።