ቡና በፓውንድ ሲጻፍ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ «ጋሼ፣ የውጭ ዜና አገልግሎቶች የቡናን ዋጋ በፓውንድ ነው የሚልኩልን። እኔ ወደ ኪሎ ቀይሬ አወጣዋለሁ። ከዚህ ሌላ ምን ይጠበቅብኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። በአጭሩ ልመልስላት አስቤ ሳለ የቆየ ቁጭት ተቀሰቀሰብኝና ለሁላችሁም ልጽፍ ተነሣሁ።

ዘመኑ 1986 ዓ.ም. ነው። ሰኔ 19 ቀን የብራዚልን የቡና እርሻዎች ውርጭ መታቸው፤ ሐምሌ 3 ቀን ደግሞ ሌላ ውርጭ ደገማቸው። የኒውዮርክ ገበያ ተናወጠና የአንዱ ፓውንድ ዋጋ ከ2 ዶላር አለፈ። ዜናው በቴሌፕሪንተር እየተንጣጣ ገባ፤ ያን ድምፅ ለዓመታት የሰማ ሰው ዛሬም ጆሮው ውስጥ ነው። ባልደረባዬ ተረጎመው፣ በማግስቱም ታተመ። «በክረምቱ ውርጭ ምክንያት ቡና በፓውንድ ከ2 ዶላር በላይ ሆነ» ይላል። ከእንግሊዝኛው ጋር ብታስተያዩት እንከን አታወጡለትም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከጅማ የመጡ አንድ አዛውንት ቡና አቅራቢ ጋዜጣውን በኪሳቸው ይዘው ቢሮአችን ገቡ። ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጡና «ልጄ፣ ይህ ፓውንድ የእንግሊዝ ገንዘብ አይደለም እንዴ? ዶላሩ ታዲያ ምን ሊያደርግ ገባ?» አሉኝ። ቀጠሉና «ደግሞስ ከመቼ ወዲህ ነው ውርጭ በክረምት የሚወርደው?» አሉ። ልክ ነበሩ። እኛ አገር ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ውርጭ የምናውቀው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት ነው። የብራዚል ቡና አብቃይ ክፍል ግን ሰኔና ሐምሌ ላይ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። «በዚያ አገር ቅዝቃዜ በሚበረታበት በሰኔና በሐምሌ» ቢባል ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር።

እርሳስ አነሣሁና አብረን አሰላን። አንድ ፓውንድ 454 ግራም ገደማ ነው። የቡና ሰው ደግሞ የሚያስበው በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 37 ተኩል ፓውንድ ይሆናል። ስለዚህ በፓውንድ 2 ዶላር ማለት በፈረሱላ 75 ዶላር አካባቢ ነው። ሽማግሌው ፊታቸው በራ፤ ነገር ግን መጋዘናቸው ያለው ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና መሆኑን ሲነግሩኝ ስሌቱ እንደገና ተጀመረ። የኒውዮርክ ዋጋ ተፈልፍሎ ለተበጠረ ጥሬ ቡና ነው። ጀንፈል ሲፈለፈል ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ላይ ማጓጓዣው፣ የላኪው ድርሻና የደረጃው ልዩነት ይነሣል። ዋጋውም ቢሆን ወደፊት ለሚረከቡት ቡና ዛሬ የሚዋዋሉበት እንጂ ጅማ ላይ በእጅ የሚቆጠር ብር አይደለም።

ከሁሉ የከበዳቸው ግን ሌላ ነበር፤ «ልሽጥ ወይስ ልያዝ?» የዚያ ዓመት የብራዚል ምርት በለቀማ ላይ ነበር፤ ውርጩ ዛፉን ሲያቃጥለው በዋናነት የሚጎዳው የሚቀጥለው ዓመት ፍሬ ነው። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር በዜናው ውስጥ ቢኖር ኖሮ የገበያውን ጠባይ ራሳቸው ይገምቱት ነበር። ወረቀቱን አጣጥፈው ሲነሡ «ይህን ለምን አልጻፋችሁትም?» ብለውኝ ሄዱ። ስሌቱን ማብራሪያ አድርገን እናውጣው ብዬ ነበር፤ ኃላፊያችን ግን ዜናው አልፎበታል አሉ። የሚቆጨኝ ይኸው ነው፤ ያ ሁሉ ነገር የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ቀረ።

እናንተ ከእኛ የተሻለ እንግሊዝኛ ታውቃላችሁ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጀንፈልና እሸት ቡና ለይታችሁ ሳታዩ የቡና ዜና ትተረጉማላችሁ፤ ፍጥነታችሁም ያስፈራኛል። አንድ ጊዜ «ቡና ቆዪዎች ተደናግጠው ገበያውን አጥለቀለቁት» የሚል አንብቤ ብረት ምጣድ የያዙ ሴቶች ታዩኝ። ቡና ቆልተው የሚሸጡ ኩባንያዎች ማለት ነበር። «ኮርማዎቹ ገበያውን ተቆጣጠሩት» የሚለውንም አይቻለሁ፤ ዋጋው ይጨምራል ብለው የሚገዙ ነጋዴዎች ናቸው እኮ! ለዚህ የአማርኛ ፈሊጥ ፍለጋ አትድከሙ፤ ነገሩን በቀጥታ ተናገሩት።

ሁሉንም መስፈሪያ ለውጡ ብያለሁ ማለት ግን አይደለም። ዶላሩን ወደ ብር ባትቀይሩት እመርጣለሁ፤ አንባቢው የሚከፈለኝ ይህ ነው ብሎ ይወስደዋልና። ተናጋሪው በጥቅስ ውስጥ «2 ዶላር በፓውንድ» ካለ ቃሉን አትንኩበት፤ የፈረሱላውን ስሌት ከጥቅሱ ውጭ አስከትሉ። የዜና አገልግሎቱ «ከ2 ዶላር በላይ» ብሎ እያለ እናንተ «74.96 ዶላር» ብትጽፉ እሱ ያላለውን ትክክለኛነት ፈጠራችሁ ማለት ነው፤ «ከ75 ዶላር በላይ» ይበቃል። ዋጋው በስንት በመቶ ጨመረ የሚለው ቁጥር ደግሞ በፓውንድም በፈረሱላም ያው ነው። የትናንቱንና የዛሬውን ዋጋ ቀይራችሁ ስታበቁ ልዩነቱ ከዋናው ዜና መቶኛ ጋር ካልገጠመ አንዱን ቁጥር አበላሽታችኋል፤ ሳይታተም ፈልጋችሁ አግኙት።