«ስንት ትጠብቂያለሽ?» ሲሉ፦ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ሐዋሳ ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ ለዓመታት ቆይቻለሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን የደመወዝ ጥያቄ የምጠይቀው እኔው ነበርኩ። ተዘጋጅቶ የመጣና ያልተዘጋጀ ሰው የት ላይ እንደሚለያዩ ስላየሁ፣ የማውቀውን ልመልስላችሁ።

ከታቦር፣ አካውንታንት ነኝ፦ ማስታወቂያው «ደመወዝ በስምምነት» ይላል። አሁን ግሮሴ 16,000 ብር ነው። 15,000 በእጄ ቢገባ ደስ ይለኛል። ሐሙስ ሲጠይቁኝ «15 ሺህ» ልበል?

እህቴ፣ እንደሱ እንዳትዪ! ቀጣሪ «15 ሺህ» ሲሰማ ግሮስ ብሎ ነው የሚመዘግበው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የግብር ስሌት ከ14,000 ብር በላይ የሆነ ደመወዝ በ35 በመቶ ይባዛና 2,050 ብር ይቀነሳል። ስለዚህ የ15,000 ግብሩ 3,200 ነው። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደግሞ 1,050 ይሆናል። በእጅሽ የሚገባው 10,750 ብቻ ነው። ዛሬ ባለሽበት ቦታ ግን 11,330 እያገኘሽ ነው። አፍሽ ላይ የመጣው ቁጥር ደመወዝሽን ቀነሰው ማለት ነው።

አሁን ያለሽበት መሥሪያ ቤት ሰርቪስና ምሳ ይሰጣል?

አዎ፣ ሁለቱም አሉ። አዲሱ ጋ ግን የሉም። በራሴ ባወጣ በወር 2,500 ብር ገደማ ይፈጃል።

እንግዲያው መነሻሽ 11,330 ሳይሆን 13,830 ነው። ይህን በእጅሽ ለማግኘት ግሮሱ 20,300 ያህል መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ሥራ ቀይረሽም እየከሰርሽ ነው። 15,000 እንዲገባሽ ደግሞ ወደ 22,400 ያስፈልጋል። 20,300ውን ለራስሽ ያዢው፣ ለማንም አትንገሪ። ስትጠየቂ የምትጠሪው ሁለተኛውን ነው፦ «ከግብርና ከጡረታ በፊት 22,400 እጠብቃለሁ። ሰርቪስና ምሳ ካላችሁ ግን ልንነጋገርበት እንችላለን።»

«ከግብርና ከጡረታ በፊት» የሚለውን እንዳትረሺ። አደራ!

ከሐይቅ ዳር፦ ይሄ ሁሉ ስሌት ለምን? ቀድሞ ቁጥር የጠራ ተበላ። ዝም ማለት ነው።

ግማሹ እውነት ነው። አንድ ጊዜ መልሶ መጠየቅ ያዋጣል፦ «ለቦታው የያዛችሁትን በጀት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።» ከነገሩህ ጥሩ። ካልነገሩህና ደግመው ከጠየቁህ ግን ቁጥር ጥራ። ሁለቴ ሦስቴ የሸሸ ሰው ሳያስብበት እንደመጣ ነው የሚቆጠረው። ቅጹ ላይ «የሚጠበቅ ደመወዝ» የሚለውን ባዶ የተዉ ሰዎች ማመልከቻ ወደ ጎን ሲቀመጥም አይቻለሁ።

ከመናኸሪያ፦ እኔ ሆቴል ነው የምሠራው። አራት ዓመት ሙሉ አልጨመሩልኝም፤ ምን ልበላቸው?

ወንድሜ፣ ያንተ ጉዳይ ሌላ ነው፤ አንተ ከሚያውቁህ ሰዎች ጋር ነው የምትነጋገረው። ሌላ ቦታ ማመልከት ከጀመርክ ግን ከላይ ያለው ስሌት ይሠራልሃል። ሰርቪስ ቻርጅና ጉርሻ የምታገኝ ከሆነ የስድስት ወሩን መዝግበህ አማካዩን ያዝ። አዲሱ ቦታ እሱ ላይኖር ይችላል።

ስሜ ይቅር፦ አሁን የሚከፈለኝን ከፍ አድርጌ ብናገርስ? ማን ያውቃል?

ይታወቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራውን ዓይነትና የአገልግሎት ዘመንን ብቻ ሳይሆን ደመወዙንም ይገልጻል። ቀጣሪው ደብዳቤውን ሲያይ የተናገርከው ቁጥር አብሮት ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት ሊቀጠር የተቃረበ ሰው ሲቀር አይቻለሁ፣ እስከዛሬ ያሳዝነኛል። «የአሁኑ ይህን ያህል ነው፣ የምጠብቀው ግን ለዚህ ሥራ ነው» ብትል ይሻልሃል።

እኔም የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ፦ አንድ ቁጥር ከመጥራት «ከ20 እስከ 24 ሺህ» ማለት አይሻልም? በር አይዘጋም።

እኔ ባየሁት ቀጣሪ የሚይዘው ታችኛውን ነው። የዘርፉን ዋጋ ለማያውቅ ሰው ግን አንተ ያልከው ሊሻል ይችላል። ግፋ ቢል ታችኛው ቁጥር ራሱ የምትፈልገው ይሁን እላለሁ። በዚህ አንስማማም መሰለኝ።

አካውንታንቷ ነኝ፦ «በሙከራ ጊዜ 18 ሺህ፣ ከዚያ እናስተካክላለን» ቢሉኝስ?

የሙከራ ጊዜ በሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ያን ያህል መታገስ ከቻልሽ ተቀበዪ፤ ግን ከሙከራ በኋላ የሚከፈልሽ ቁጥር አሁኑኑ ውሉ ላይ ይጻፍ። «እናስተካክላለን» ብቻ ከሆነ፣ ያቀረቡልሽ 18,000ውን ነው ብለሽ አስቢና ከ20,300 ጋር አስተያዪው።