«ኩለን ዳርንልህ» በእንግሊዝኛ ምን ይሁን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ሲያትል ነው። ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ልታገባ ስለሆነ ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ። ሙሽራው አየርላንዳዊ ነው፤ ቤተሰቦቹ አማርኛ አያውቁም። የአክስቴ ልጅ ንግግሬን ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ከጎኔ ቆማ ልታነብ ነው። ግን «ኩለን ዳርንልህ» ያልኩትን «ዓይኗን ቀብተን ሰጠንህ»፣ «ውለዱ ክበዱ» ያልኩትን ደግሞ «ውለዱና ክብደት ጨምሩ» ብላ ተርጉማው አገኘሁ። «አደራ» የሚለው ላይ ክፍት ቦታ ትታለች። ምን ትመክሩኛል?

መልስ፦ የአክስትዎን ልጅ አይቆጧት። ኩል የዓይን ቅባት ነው፤ ኳለ ማለትም ዓይንን በኩል አስጌጠ ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ገልጣም ብትሆን የምታገኘው ይህንኑ ነው። ነገር ግን «ኩሎ መዳር» ሁለቱ ቃላት ተጋብተው አንድ የሆኑበት አነጋገር ነው። ሙሽራዋ ኩል ተቀባች አልተቀባች ማንም አይጠይቅም። እናት «ልጄን ኩዬ ድሬ» ስትል ለወግ ለማዕረግ አበቃኋት፣ የወላጅነቴን ተወጣሁ ማለቷ ነው። «ልጆችሽን ለመኳል ለመዳር ያብቃሽ» ተብሎ የሚመረቀውም ለዚህ ነው።

ከባዱ ግን ኩሉ ሳይሆን «ዳረ» ነው። በአማርኛ ሙሽራዋ ታገባለች፣ ቤተሰቧ ይድራል፤ ሁለቱም ስለ አንድ ቀን ይነገራሉ፣ አንዱ ሌላውን አይሽርም። «ዳረ» የሴት ልጅ ብቻም አይደለም፤ ወንድ ልጃቸውን ያጋቡ ወላጆችም «ልጃቸውን ዳሩ» ይባላሉ። «ትዳር» ራሱ ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። እንግሊዝኛው «ሰጠንህ» ሲል ግን ልጅቷ ዕቃ ትመስላለች፤ አባት ልጁን ለሙሽራው የሚሰጥበት የእነሱም ሥርዓት አለ፣ ነገር ግን ዛሬ ብዙዎች እንደ ድሮው አይወዱትም። ስለዚህ ባለቤቱን ቤተሰቡ አድርጋችሁ፣ ድርጊቱን ከመስጠት ወደ ማብቃት አዙሩት፦ «ለዚህ ቀን አብቅተናታል፤ ደስታው የቤተሰቡ ሁሉ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር እንግሊዝኛው ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ኩሉ ቀረ ብለው አይዘኑ፤ አማርኛ የሚሰማው በአማርኛው ደርሶታል።

«ክበዱ» ላይ ያለው ስህተት ግን መታረም አለበት፣ አለዚያ የአየርላንዷ አማት ልጄ ሊወፍር ነው ብላ ትደነግጣለች። እዚህ ያለው ክብደት የሚዛን አይደለም። ትርጉሙን ለማግኘት ተቃራኒውን ይፈልጉ። በሰው ፊት የተዋረደን ሰው «ቀለለ» እንላለን፤ የማይገባውን የሚናገረውን «ራሱን አቀለለ» እንላለን። ቀለለ ውርደት ከሆነ ከበደ ማዕረግ ነው። ወላጆች ልጃቸውን ከበደ፣ ከበደች ብለው ሲሰይሙ የተመኙት ይህንን ነው። በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው፤ ከግዕዙ «ከብደ» ጋር በሚዛመደው ሥር «ካቬድ» ከባድ ሲሆን «ካቮድ» ክብር ነው። ስለዚህ «ክበዱ» በሰው ዘንድ የተከበራችሁ፣ ቃላችሁ የሚደመጥ ሁኑ የሚል ምርቃት ነው።

ሌላው ችግር የግሱ አቀማመጥ ነው። «ውለዱ»፣ «ክበዱ» በቅርጻቸው ትእዛዝ ናቸው። አማርኛ በትእዛዝ አንቀጽ መመረቅ ይችላል፤ «እደጉ»፣ «ተመንደጉ» ስንል ማንም ታዘዝኩ አይልም። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለውን ምርቃት በብዛት «ሜይ ዩ» ብሎ በምኞት ነው የሚጀምረው። ያለ እሱ «ውለዱ» ሲባል እንግዳው የሚሰማው ምርቃት ሳይሆን የቤተሰብ ግፊት ነው። እኔ ብሆን «ቤታችሁ ይሙላ፣ ስማችሁ ይከበር» የሚለውን ሐሳብ በ«ሜይ» አስጀምሬ እሰጣታለሁ። «እንደ አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ» የሚል ካለዎት እንዳለ ይሂድ፤ መጽሐፉ የጋራ ነው።

ወደ «አደራ» እንምጣ። የአክስትዎ ልጅ ባዶ መተዋ አስተዋይነት ነው። «ተንከባከባት» ቢባል ግማሹ ይቀራል። አደራ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ የሚሰጥ፣ የሚቀበል፣ መካከል ላይ የተቀመጠው። የሌላን ሰው ዕቃ ለማስቀመጥ የሚደረገው ስምምነትም በሕግ ቋንቋ የአደራ ውል ነው፤ የተሰጠውን ያጎደለ ሰውም «አደራ በላ» ይባላል። «አደራህን» ስንል ደግሞ በቃሉ ላይ የተጨመረው «ህ» የሰጪው ሳይሆን የተቀባዩ ነው፤ ኃላፊነቱ ወደ እሱ ማለፉን ፊደሉ ይናገራል። ይህን ሁሉ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አያገኙትም። የምመክረው ቃሉን እንዳለ መተው ነው። እሷ «አደራ» ብላ ትጥራና «እኛ ይህን ቃል ተናግረን እንተማመናለን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ትጨምር። እርስዎም ለሙሽራው ብቻ ከሚሉት «አደራችሁን» ብለው ለሁለቱም ቢሉት እህትዎ የተቀመጠ ዕቃ ሆና አትቀርም።

አሁን ያልጠየቁኝን ልናገር። በላኩልኝ ጽሑፍ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «ትምህርት ቤት ስሄድ ውሰደኝ እያለች ታለቅስ የነበረችውን፣ ከአገር ስወጣም ኤርፖርት ድረስ መጥታ አልለቅህም ያለችኝን እህታችንን ኩለን ዳርንልህ፤ አደራ!» ውብ ነው። ነገር ግን ከጎንዎ የቆመችውን ልጅ ይገድላታል። ወረቀት ይዛ እንኳ ቢሆን፣ እርስዎ ስሜት ይዞዎት ከጽሑፉ ወጣ ካሉ፣ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ምን እንደተደረገ ስለማታውቅ አፏን መክፈት አትችልም። እኔም አንድ ሠርግ ላይ ሳስተረጉም ተናጋሪው አምስት «የነበረችውን» ደርድሮ ግሱን ሳይናገር እንባ አነቀው፤ እንግዶቹ እኔን ያያሉ፣ እኔ እሱን።

ስለዚህ ይቆራርጡት፦ «ትምህርት ቤት ስሄድ ውሰደኝ ብላ ታለቅስ ነበር። ከአገር ስወጣ ኤርፖርት መጥታ አልለቅህም አለችኝ። ዛሬ ያችን ልጅ ኩለን ዳርናት። አደራችሁን።» በየነጥቡ ቆም ይበሉ፣ እሷ ትናገር። አማርኛውም አልተጎዳም፤ እንዲያውም «ያችን ልጅ» የምትለው ቃል ሥራዋን ያገኘችው አሁን ነው።

«እህታችን» የሚለውንም ልብ ይበሉ። ሌላ ወንድም እህት ከሌላችሁ እንግሊዝኛው ላይ «እህቴ» ይሁን፤ አለዚያ እንግዶቹ ሌላውን ወንድም ይፈልጋሉ። ለሙሽራው «አንተ»፣ ለእናቱ «እርስዎ» ብለው ሲዞሩም እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ዩ» ስለሆነ፣ አስተርጓሚዋ የእናትየውን ስም አስቀድማ ትጥራ።

በመጨረሻ ሲመርቁ አዳራሹ «አሜን» ይላል። አስተርጓሚዋ ከአሜኑ በኋላ ትናገር፣ በላዩ ላይ አትናገር። ለእንግዶቹም አሜኑ የእነሱም ድርሻ መሆኑን ከመጀመሪያው ምርቃት በፊት ትንገራቸው፤ ሁለተኛው ላይ አብረው ይሉታል።